ለምን 44 ላይ ይቆማል?

ለጀማሪ ፕሮግራመሮች በሚሰጥ የሥራ ፈተና ላይ ደጋግማ የምትመጣ ጥያቄ አለች። «አንድ ቁጥር ፕራይም መሆን አለመሆኑን የሚለይ ኮድ ጻፍ» ትላለች። ፕራይም በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ነው። ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይቀጥላል። የተዘጋጀ ተፈታኝ ኮዱን በጥቂት ደቂቃ ጽፎ ይጨርሳል፤ «አካፋዮቹን እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ብቻ ነው የምሞክረው» ብሎም ይጨምራል። ፈታኙ «ጥሩ፤ ለምን እዚያ ላይ ታቆማለህ?» ሲለው ግን ዝም። ትንሽ ቆይቶ «እንደዚያ ነው የተማርነው» ይላል።

በዚህ መልስ ልጁን ብቻ መውቀስ አግባብ አይደለም። ደንቡን የነገረው መምህርም ከሌላ መምህር የሰማው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱ ከደንቡ ያነሰ እንጂ የበለጠ ከባድ አይደለም። ማባዛት የሚችል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይገባዋል። ምክንያቱን ያልያዘ ሰው ደግሞ ኮዱ ውስጥ አንዲት ምልክት ሲሳሳት አያውቀውም፤ ስለዚህች ምልክት ወደ ኋላ ላይ እንመጣለን።

ሁለት ዓመታትን እንውሰድ፤ 2017 እና 2021። ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው፣ ሁለቱም በ5 አያልቁም፣ የአኃዞቻቸው ድምር በ3 ስለማይካፈል እነሱም በ3 አይካፈሉም። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም ብቸኛ ይመስላሉ። አንዱ ግን አይደለም። የትኛው?

ሞኝነት የማይባለው ግን አድካሚው መንገድ ከ2 ጀምሮ እስከ 2020 ድረስ እያንዳንዱን መሞከር ነው። ትንሽ ያሰበ ሰው «እስከ ግማሹ ይበቃል» ይላል፤ ልክ ነው። ከ1010 በላይ የሆነ ቁጥር 2021ን ሊያካፍል ከሆነ ድርሻው ከ2 ማነስ አለበት፤ ያ ደግሞ 1 ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይረካል። ሥራው በግማሽ ቀንሷልና። ግን ይህንኑ ሐሳብ አንድ እርምጃ ብንገፋውስ? ከግማሹ በላይ ያሉትን የጣልናቸው ድርሻቸው ከ2 ስለሚያንስ ነው። 2ን ሞክረን ካልሆነ፣ ድርሻቸው 2 የሚሆንም የለም። ስለዚህ ከሲሶው በላይ ያሉትም ይወድቃሉ። 3ን ሞክረን ካልሆነ ከሩቡ በላይ ያሉት ይወድቃሉ። ከታች አንድ ደረጃ በወጣን ቁጥር ጣሪያው ከላይ እየወረደ ይመጣል። ጥያቄው ወለሉና ጣሪያው የት ይገናኛሉ የሚለው ብቻ ነው።

ይህን በ36 ላይ ማየት ይቀላል። 36ን የሚሰጡ ጥንዶች እነዚህ ናቸው፤ 1 ከ36፣ 2 ከ18፣ 3 ከ12፣ 4 ከ9፣ 6 ከ6። ከዚያ በኋላ የሚመጣው 9 ከ4 ነው፤ አዲስ ነገር ሳይሆን የቀድሞው ጥንድ ቦታ ተቀያይሮ። 12 ከ3ም እንደዚያው። አካፋዮች ብቻቸውን አይመጡም። ትንሹ በአንድ በኩል ሲያድግ ትልቁ በሌላ በኩል ያንሳል፣ መሐል ላይ 6 ከራሱ ጋር ይገናኛል። 6 የ36 ስኩዌር ሩት ነው፤ በራሱ ሲባዛ 36ን የሚሰጠው ቁጥር ማለት ነው። ከዚያ መሐል ያለፈ ሰው የሚያገኘው አካፋይ ሁሉ ጓደኛውን ቀድሞ ያየው ነው።

ወደ 2021 እንመለስ። 44 በ44 ሲባዛ 1936 ነው፤ 45 በ45 ደግሞ 2025። ስለዚህ የ2021 ስኩዌር ሩት በ44 እና በ45 መካከል ይወድቃል። አሁን 2021 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው እንበል። ሁለቱም 45 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ? አይችሉም፤ ትንሹ እንኳ 45 ከሆነ ብዜቱ ከ2025 አያንስም፣ ከ2021 አልፏል። ስለዚህ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ 44 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። እስከ 44 ሞክረን ምንም ካላገኘን የቀረ ቦታ የለም። ማረጋገጫው በሙሉ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አለመግባባት አለ። አንዳንዱ ደንቡን «አካፋዮች ሁሉ ከስኩዌር ሩቱ በታች ናቸው» ብሎ ይይዘዋል። ያ ስሕተት ነው። 2018ን ብንወስድ 2 ሲባዛ በ1009 ነው፤ 1009 ከ44 እጅግ ይርቃል። ደንቡ የሚለው ከጥንዱ አንዱ ከታች አለ እንጂ ሁለቱም አሉ አይደለም። ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ አንዱ ይበቃናል።

ሌላም ቅናሽ አለ። 15ን መሞከር አያስፈልግም። 15 የሚያካፍለውን 3ም ያካፍለዋልና 3 ቀድሞ ይነግረን ነበር። ስለዚህ የሚሞከሩት ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ እስከ 44 ያሉትም 14 ናቸው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41 እና 43። ከ2019 ሙከራ ወደ 14 ወረድን።

2021ን ለ7 ስናካፍል 5 ይቀራል። ለ11፣ 8። ለ13፣ 6። ለ17፣ 15። ለ19፣ 7። ለ23፣ 20። ለ29ም 20። ለ31፣ 6። ለ37፣ 23። ለ41፣ 12። እዚህ የደከመው ሰው «በቃ ብቸኛ ነው» ሊል ነው። አንድ ብቻ ቀርቷል፤ 43። 43 በ47 ሲባዛ ልክ 2021 ነው። ከ14ቱ መሐል የመጨረሻው ነው የያዘው። ስኩዌር ሩቱ ላይ ቁም ማለት እዚያ ድረስ ሂድ ማለትም ነው።

2017ን በዚያው መንገድ ብንወስደው ከ7 ጀምሮ የሚቀሩት 1፣ 4፣ 2፣ 11፣ 3፣ 16፣ 16፣ 2፣ 19፣ 8 እና በ43 ላይ 39 ናቸው። ዜሮ የለም። 2017 ብቸኛ ነው። በወረቀት የሚሠራ ሰው ስኩዌር ሩቱን ማስላት እንኳ አያስፈልገውም፤ ድርሻውን ብቻ ይመልከት። 2017ን ለ43 ሲያካፍል ድርሻው 46 ነው፣ ገና ከ43 ይበልጣል። ቀጣዩን ብቸኛ ቁጥር 47ን ቢሞክር ድርሻው 42 ይሆናል። ድርሻው ከአካፋዩ ካነሰ መሐሉን አልፈናል ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚገኝ ነገር ቢኖር ኖሮ ጓደኛው ከ42 በታች ተገኝቶ ነበር።

አሁን ወደ ኮዱ። በፓይተን ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

```python
def is_prime(n):
    if n < 2:
        return False
    i = 2
    while i * i <= n:
        if n % i == 0:
            return False
        i += 1
    return True
```

`i * i <= n` የምትለው መስመር «ስኩዌር ሩቱ ላይ እስክትደርስ» ማለት ናት። ስኩዌር ሩትን በነጥብ አስልቶ ከማወዳደር ይልቅ እንዲህ በማባዛት መጻፉ ይሻላል፤ በትልልቅ ቁጥሮች ላይ የነጥብ ስሌት በጥቂቱ ሊዛነፍ ይችላልና። ቀደም ብለን የጠቀስናት ምልክት `<=` ናት። ከእሷ ላይ እኩል ምልክቷ ወድቃ `<` ብቻ ብትቀርስ?

ኮዱ ይሠራል። 2017ን ብቸኛ ነው ይላል፣ ልክ። 2018ን አይደለም ይላል፣ ልክ። 2021ንም አይስትም፤ 43 በ43 ሲባዛ 1849 ስለሆነ መስመሩ ገና ያሳልፈዋል። አንድ ሰው በዘፈቀደ ሃያ ቁጥር ቢሞክርበት ሃያውም ልክ ሊወጣ ይችላል። 25ን ሲሰጠው ግን «ብቸኛ ነው» ይለዋል። 5 ላይ ሲደርስ 5 በ5 ከ25 አያንስም፣ እኩል ነውና ሳይሞክረው ይወጣል። 4፣ 9 እና 49 ላይም ይኸው ይደርሳል። 36 ላይ አይሳሳትም፣ 2 ቀድሞ ይይዘዋል። የሚያመልጡት የብቸኛ ቁጥሮች ካሬዎች ብቻ ናቸው። እስከ 100 ባሉት ውስጥ አራት፣ እስከ አንድ ሚሊዮን ባሉት ውስጥ ደግሞ 168 ብቻ። በሚሊዮን 168 የሚሳሳት ነገር በዘፈቀደ ሙከራ አይገኝም። የሚገኘው ምክንያቱን በሚያውቅ ሰው ነው፤ ጥንዱ መሐል ላይ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንዳለ የሚያውቅ ሰው 49ን መጀመሪያ ይሞክራል። ወይም እስከ 100 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ያስቆጥረዋል። 25 መሆን አለባቸው። 29 ካለ እኩል ምልክቷ ጠፍታለች።

እስካሁን ያየነው ስለ አንድ ቁጥር ነው። እስከ 100 ወይም እስከ ሚሊዮን ያሉትን ሁሉ ከፈለግን ግን እያንዳንዱን ማካፈል ከንቱ ድካም ነው። ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ፤ ወንፊት። ዘዴው በኤራቶስቴንስ ስም ይጠራል። የቀሬና ሰው ነው፤ የወንጌሉ ስምዖን ከመጣባት፣ ዛሬ ሊቢያ ውስጥ ካለችው ከተማ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ይመራ ነበር፤ የምድርን ዙሪያ በጥላ የለካውም እሱ ነው። ስለ ወንፊቱ የጻፈው በእጃችን የለም። የምናውቀው ከእሱ ብዙ ቆይቶ የተነሣው ኒቆማኮስ በጻፈው ነው።

ወንፊቱ እንዲህ ነው። ከ2 እስከ 100 ያሉትን ጻፍ። 2ን ተወውና ብዜቶቹን 4፣ 6፣ 8 እያልህ ሰርዝ። ቀጥሎ ያልተሰረዘው 3 ነው፤ እሱን ተወውና ብዜቶቹን ሰርዝ። ከዚያ 5፣ ከዚያ 7። ምንም ማካፈል የለም፤ መቁጠርና መሰረዝ ብቻ። ሰባትን ስትይዝ ግን የሚገርም ነገር ታያለህ። 14 ተሰርዟል፣ 21 ተሰርዟል፣ 28፣ 35፣ 42 ሁሉም ሄደዋል። 7 የሚባዛው ከእሱ በሚያንስ ቁጥር ከሆነ ያ ትንሹ ቀድሞ ሰርዞታል። ለ7 የሚቀርለት የመጀመሪያ ሥራ 7 በ7፣ ማለትም 49 ነው። ከዚያ በኋላም አዲስ የሚሰርዘው 77 እና 91 ብቻ ነው። (91ን ስንቱ ሰው ብቸኛ ነው ብሎ ይምላል! 7 በ13 ነው።)

ቀጥሎ 11 ይመጣል። የ11 የመጀመሪያ ሥራ 121 ላይ ነው፤ ሰሌዳው ግን 100 ላይ ያበቃል። ስለዚህ 11 የሚሠራው የለም፣ ከእሱ በኋላ ያሉትም እንደዚያው። ወንፊቱ አራት ቁጥሮችን ብቻ ተጠቅሞ አለቀ፤ የቀሩት 25ቱ ብቸኛ ናቸው። የሥራ ፈተናው ተማሪ ያላብራራት ምክንያት እዚህም ያቺው ናት። ሁለቱም ተባዢዎች ከ10 ከበለጡ ብዜቱ ከ100 ያልፋልና፣ ሰሌዳው ላይ ያለ ማንኛውም የሚካፈል ቁጥር በ2፣ በ3፣ በ5 ወይም በ7 መያዝ አለበት።

ወንፊቱ ድክመት አለው፤ ቦታ ይበላል። እስከ ሚሊዮን ለማጣራት ሚሊዮን ሣጥን ያስፈልጋል። ለአንድ ትልቅ ቁጥር ሲባል ሰሌዳውን እስከዚያ ቁጥር መዘርጋት አይቻልም። ብልኅነቱ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ እስከ ስኩዌር ሩቱ ብቻ በወንፊት አጣርቶ፣ በተገኙት ቁጥሮች ማካፈል።

ይህ ጥምረት ስንት ሊያተርፍ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ1640 ፈረንሳዊው የሕግ ሰው ፒየር ደ ፌርማ ለወዳጆቹ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ላይ አንድ የቁጥር ሰልፍ አቀረበ፤ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537። እያንዳንዱ የሚገኘው ከበፊተኛው ላይ 1 ቀንሶ፣ ያንን በራሱ አባዝቶ፣ 1 በመጨመር ነው። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ ሰልፉ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ይቀጥላል ብሎ አመነ፤ ማረጋገጫ ግን እንደሌለው ራሱ ጽፏል። ስድስተኛው 4294967297 ነው። ፌርማ የዘመኑ ታላቅ የቁጥር ሰው ስለነበረ ግምቱ ለ90 ዓመት ያህል ሳይፈርስ ቆየ።

ይህን ቁጥር ማጣራት ምን ያህል ይከብዳል? እስከ ግማሹ ለሚሄድ ሰው ከሁለት ቢሊዮን በላይ ሙከራ ነው፤ ዕድሜ አይበቃም። ስኩዌር ሩቱ ግን ከ65536 በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል፣ እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ 6542 ናቸው። ብዙ ነው፣ ግን ለትጉህ ሰው የወራት ሥራ ነው። በ1732 ሊዮናርድ ኦይለር መልሱን አሳወቀ፤ 4294967297 ማለት 641 በ6700417 ነው። አካፋዩ 641 በብቸኛ ቁጥሮች ተራ 116ኛው ነው። ከ2 ጀምሮ በተራ የሚያካፍል ሰው 116 ጊዜ አካፍሎ ያገኘው ነበር። የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሥራ!

ኦይለር ግን ያንን ያህል እንኳ መድከም እንደማያስፈልግ በኋላ አሳየ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል 1 ሊተርፈው ይገባል። ይህን የሚያሟሉት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። አምስተኛው ላይ አለቀ።

ዛሬ ስልካችን ከባንክ ጋር በምስጢር ሲነጋገር ከጀርባው ካሉት ቁልፎች አንዳንዶቹ ከ600 በላይ አኃዝ ያላቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የተሠሩ። የስኩዌር ሩቱ ደንብ እዚያም እውነት ነው፣ ግን አቅም ያንሰዋል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚያካፍል ማሽን ቢኖረን ባለ 20 አኃዝ ቁጥር ቢበዛ አሥር ሰከንድ ይፈጅበታል። ባለ 30 አኃዝ አሥራ ሁለት ቀን ግድም። ባለ 40 አኃዝ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ። አኃዝ በሁለት ሲጨምር ሥራው አሥር እጥፍ ይሆናል፤ 600 አኃዝ ላይ ያለውን ጊዜ መጻፍ ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ትልልቆቹን የሚፈትሹት ሌላ መንገድ ይዘው ነው። አካፋይን ሳይፈልጉ «ይህ ቁጥር ብቸኛ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር» የሚል ውጤት አስልተው ካልሆነ ይጥሉታል። የዚህ ዘዴ መሠረት አንድ ሕግ ነው፤ ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ፣ እሱ የማያካፍለውን ማንኛውንም ቁጥር ከእሱ 1 ባነሰ ጊዜ በራሱ ላይ ብናባዛና ለእሱ ብናካፍል 1 ይቀራል ይላል። 3ን ወስዶ በ4294967297 ላይ ለሚሞክረው ሰው ሥራው ቀሪውን 32 ጊዜ በራሱ ማባዛት ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው 1 አይደለም፣ ቁጥሩም ወዲያው ይወድቃል። በ2 የሞከረው ግን ይታለላል፤ 1 ይቀርለታል። ሕጉ የፌርማ ነው። ያው ፌርማ በዚያው በ1640 ነበር በደብዳቤ የጻፈው።